«የቀረው ኤዲቲንግ ብቻ ነው»

ዛሬ ብሶቴን ላውጣው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የሰው ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንደዚህች ንግግር ያቃጠለኝ ነገር የለም፦ «ቀረጻው አልቋል፤ የቀረው ኤዲቲንግ ብቻ ነው።»

ብቻ! ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳችኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ሠርግ ያስቀረጸ ይላታል፣ ማስታወቂያ ያሠራ ይላታል። የፊልም ተማሪ ሲላት ግን አንጀቴ ያራል። እሱ እኮ ነገ የሙያ ባልደረባዬ የሚሆን ሰው ነው።

ባለፈው ወር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ነው። የመመረቂያ ፊልሙን ቀርጾ መጨረሱ ነው። 12 ደቂቃ የምትሆን አጭር ፊልም፣ ዘጠኝ ትዕይንት። ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

«እህቴ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስረከብ አለብኝ። ዛሬን ብቻ አብረሽኝ ብታመሺ ያልቃል» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀርጽ ነው የከረመው። ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ለቀረጻ ፕሮግራም ወጥቶለታል፣ ለስክሪፕት ፕሮግራም ወጥቶለታል። ከቀረጻው ማግስት ጀምሮ ላለው ሥራ ግን አንድም ቀን አልተያዘለትም። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም።

ሃርድ ዲስኩን ሰካሁት። 195 ጊጋባይት። አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚሆን ምስል። «ይኸውልህ፣ ምንም ሳንነካ ይሄን አንዴ አይተን ለመጨረስ ብቻ አራት ሰዓት ከሃያ ያስፈልገናል» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥዬ መገልበጥ ጀመርኩ። በዚያ ሃርድ ዲስክ ፍጥነት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዚያ ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ቦታ ላይ። ይሄኛው አልገባውም፤ «አንዱ አይበቃም ወይ?» አለ። አይበቃም። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ፋይል እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። የሦስት ቀን ቀረጻው በፌስታል ውስጥ ነበር እኮ! ታክሲ ላይ ቢወድቅበትስ?

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጀመሪያውን ትዕይንት ከፈትን። ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ የምትሆን ትዕይንት ናት። እናትና ልጅ ቡና እየጠጡ ይነጋገራሉ። ይህችኑ ትዕይንት 23 ጊዜ ደጋግመው ቀርጸዋታል፤ እያንዳንዱን ድግግሞሽ ቴክ እንለዋለን። በድምሩ 31 ደቂቃ ምስል።

ድምፁ ለብቻው በመቅጃ ነው የተቀዳው። ደግ አድርገዋል፤ የካሜራ ማይክ ለንግግር አይሆንም። ግን ድምፅ ለብቻው ሲቀዳ ክላፕ ይመታል። ክላፐር የሚባለው ሰሌዳ ባይኖር እንኳ በእጅ ይጨበጨባል። እጁ የሚጋጠምበትን ምስልና ጧ የሚለውን ድምፅ ታገጣጥማለህ፣ አለቀ። እነሱ በመጀመሪያው ቀን ክላፕ አልመቱም። የካሜራውንም ማይክ «ድምፅ ለብቻው እየተቀዳ ነው» ብለው ዘግተውታል። ካሜራው ትንሽም ድምፅ ይዞ ቢሆን ኖሮ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ሁለቱን ድምፆች አመሳስሎ በራሱ ይገጥማቸው ነበር። ያቺንም መንገድ ዘጉብኝ።

እና ምን ቀረ? ከንፈር ማየት።

እናትየው «በቃ» ትላለች። «በ» ስትል ከንፈሯ ይገጥማል፣ ከዚያ ይከፈታል። ከንፈሯ የሚከፈትበትን ፍሬም፣ ማለትም አንዷን ነጠላ ምስል፣ ፈልገህ ድምፁ ላይ «በ» ከምትጀምርበት ቦታ ጋር ታጋጥመዋለህ። «ም» እና «ጵ»ም እንደዚሁ ያግዛሉ። ንግግር ከሌለ ሲኒ ማስቀመጫው ላይ የሚያርፍበትን ትፈልጋለህ። በሰከንድ 25 ፍሬም አለ፤ ሦስት ፍሬም ካለፈህ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ቅር ይለዋል። ሰውየው ራሱ የሚናገር አይመስልም። ይሄን ለ23 ቴክ፣ አንድ በአንድ!

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አሠራሁት። መጀመሪያ ላይ ስልኩን ይነካካ ነበር። አምስተኛው ቴክ ላይ ስልኩን አስቀመጠ። አሥረኛው ላይ «ቆይ ቆይ፣ አንድ ፍሬም ወደ ኋላ» ማለት ጀመረ። ያቺን ትዕይንት እንደ ነገሩ ገጣጥመን ስንጨርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ተኩል።

ወረቀት ሳበ። ዘጠኝ ጊዜ አራት ተኩል። 40 ሰዓት ተኩል። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወረቀቱን ብቻ ሲያይ ቆየ።

«ይሄ ደግሞ ድምፅ ሳይጸዳ፣ የምስሉ ከለር ሳይስተካከል፣ ሙዚቃ ሳይገባ ነው» አልኩት። ማስጨነቄ አልነበረም፤ ልክ ልኩን ማወቅ ስላለበት ነው።

«እና አላልፍም ማለት ነው?» አለኝ።

ጠዋት አስተማሪው ዘንድ ሄዶ እውነቱን እንዲናገር መከርኩት። ያቺን አንድ ትዕይንት ይዞ ሄደ። አስተማሪው ዘጠኝ ቀን ሰጠው። ሲመለስ ቀኑ ስለጨመረ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሎት ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ብቻውን እስከ ስምንተኛው ቀን ቆይቶ በዘጠነኛው ሌሊት ያንኑ ሩጫ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ቀኑ የሚጠቅመው ሥራው ሲከፋፈል ነው።

እሱ ሊከፋፍል ያሰበው ትዕይንቶቹን ለሦስት ጓደኞቹ በማደል ነበር። ሦስት ሦስት ትዕይንት ለአንድ ሰው። ይሄ ለአንዲት አጭር ፊልም አይሆንም። አንዱ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል፣ ሌላው ፊት ላይ መቆየት ይወዳል። ሲገጣጠም የሦስት ሰው ፊልም ይሆናል። ስለዚህ ያካፈልነው የሥራውን ዓይነት ነው። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ ለይተን አስቀመጥን።

እሱ ምስሉን ሁሉ አይቶ ደብተር ይይዛል። ትዕይንት፣ ቴክ፣ ጥሩው ከስንት ደቂቃ እስከ ስንት። ድምፅ የቀዳው ጓደኛው ፋይሎቹን በትዕይንት ስም ይሰይማል፤ ክላፕ የተመታባቸውን የሁለተኛና የሦስተኛ ቀን ቀረጻዎች ይገጥማል። የቤቱን ዝምታም፣ ማንም ሳይናገር የሚሰማውን የክፍሉን ድምፅ፣ ድጋሚ ሄዶ ይቀዳል። አንዲት የክፍል ጓደኛው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ዛሬውኑ ትጀምራለች። ጽሑፉ ስክሪን ላይ መቼ ይውጣ፣ መቼ ይጥፋ የሚለው ሰዓት ግን ኋላ ነው የሚገባው። ክራር የሚመታው ልጅ ዜማ ያስብ፤ ቆጥሮ የሚቀዳው ርዝመቱ ሲታወቅ ነው። ቆረጣው የእኔና የእሱ ነው። ከለር መጨረሻ።

መሃል ላይ ደግሞ አንድ ቀን አጥር አደረግን። አምስተኛው ቀን፣ የምስል መዝጊያ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ፍሬም አይጨመርም፣ አይቀነስም። እኛ ፒክቸር ሎክ የምንለው ነው። ድምፅ የሚሠራው ሰው የበር ኳኳታውን፣ እርምጃውን፣ ነፋሱን የሚያስቀምጠው በዚያ ምስል ልክ ነው።

ሠራ። በእውነት ሠራ። ደብተሩ ከመጣ በኋላ ለአንድ ትዕይንት አራት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ። ለአንድ ትዕይንት ከተቀረጹት ቴኮች ውስጥ የምፈልገው ጥቂቱን ብቻ ሆነ፤ ሌላውን መግጠምም አላስፈለገኝም። በአምስተኛው ቀን ማታ ዘጋን።

ስድስተኛው ቀን ላይ ልጁ ትዕይንት ስድስትን ደግሞ አየው። አንዲት ዝምታ ረዘመችበት። ሁለት ሰከንድ ቀነሰ። ለማንም አልተናገረም። ሁለት ሰከንድ ምን አላት?

ሰባተኛው ቀን ድምፁ ተሠርቶ መጣ። ገጠምኩት። መጀመሪያው ልክ ነው። ትዕይንት ሰባት ላይ ልጅየው በሩን ዘግቶ ይወጣል። በሩ ተዘጋ፣ ዝም። ልጅየው ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው በሩ ጓ የሚለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ሰው ይቀመጣል፣ ወንበሩ ቆይቶ ይንቋቋል።

ድምፅ የሠራው ልጅ ተደናግጦ «የኔ ጥፋት ነው» ማለት ጀመረ። እኔ ግን ከፊልሙ በፊትና ከፊልሙ በኋላ አጭር ቢፕ እንዲያስቀምጥ ነግሬው ነበር። ምስሉም ላይ በዚያው ቦታ አንድ ፍሬም ምልክት አለ። የፊተኛው ቢፕ ልክ ምልክቱ ላይ አረፈ። የኋለኛው ቢፕ በ50 ፍሬም ዘገየ። ፊቱ ገጥሞ ጀርባው ካልገጠመ መሃል ላይ ሰው ቆርጧል ማለት ነው። 50 ፍሬም ደግሞ ሁለት ሰከንድ ነው። ባለፊልሙን ልጅ ዞር ብዬ አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል።

የቀነሳትን ሁለት ሰከንድ እንዲመልሳት ጠየቅሁት። ድምፁ ላይ ከምንቆርጥ ምስሉን መመለስ ይቀላል። ድምፁ ላይ ከተቆረጠ ነፋሱም ክራሩም መሃል ላይ ተቆርጦ ይሰማል። ሙዚቃ ላይ ሁለት ሰከንድ ሲጎድል ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። እሺ ብሎ መለሳት። ቢፖቹ ሁለቱም ገጠሙ። ድምፅ የሠራውን ጓደኛውን ይቅርታ ሲጠይቀው ሳይ ንዴቴ በረደ። የዚያን ልጅ የሁለት ቀን ልፋት እኮ ነው ሳያውቅ ገደል ሊከተው የነበረው።

ስምንተኛው ቀን ከለር ሠራን፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አስገባን። ኤክስፖርቱ፣ ፊልሙን ወደ አንድ ፋይል ማውጣቱ፣ በእኔ ኮምፒውተር 40 ደቂቃ ነው። 30ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ሰፈራችን እንደዚህ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። መብራት እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ቢሆን ይሄ ልጅ አልቅሶ ነበር። አሁን አንድ ቀን በእጁ አለ። ሻይ አፍልቶ ጠበቀ።

ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊልሙን አክስቱ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ከፈትነው። ከኮምፒውተር ውጪ ካልታየ አይታመንም። ትዕይንት ሦስት ላይ የጽሑፍ ስህተት አገኘን። አርመን እንደገና ኤክስፖርት አደረግን።

ፋይሉ እየወጣ ሳለ የልጁ ስልክ ጠራ። የክፍሉ ልጅ ነው፣ ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል። «እኔም ቀረጻ ጨርሻለሁ፣ ኤዲቲንግ ብቻ ነው የቀረኝ። ያቺ ሴትዮ ዛሬ ማታ ትሠራልኛለች?»

ልጁ እኔን አላየኝም። «ክላፕ መታችኋል?» አለው። «ስንት ሰዓት ምስል አላችሁ?»