ዶክተር፣ ልትቀር ነው እንዴ?

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ «ለምርምር የሳባቲካል ፈቃድ ልጠይቅ ነው» ያለ መምህር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተጠርጣሪ ነው። «ምን ልትመራመር ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። መምህራን ክበብ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ዶክተር፣ ልትቀር ነው እንዴ?» ነው የሚለው። «ኧረ እመለሳለሁ» ብሎ ቢምልም ዋጋ የለውም። «እሱማ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ይሉትና ማኪያቷቸውን ፉት ይላሉ።

ሳባቲካል ራሱ የጥንት ነገር ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ ስድስት ዓመት የታረሰች መሬት በሰባተኛው ትረፍ ተብሏል። ሃርቫርድ ደግሞ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ለመምህራኑ አደረገውና ከዚያ ወዲህ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። እኛም ጋ በሴኔት ሕግ ተጽፎ ተቀምጧል። ዓመታት በተከታታይ ያገለገለ መምህር ከማስተማር ነፃ ሆኖ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ምርምሩን ይሠራል። ልዩነቱ፣ መሬት ልትረፍ ስትል ዋስ አምጪ አልተባለችም።

አንድ ባልደረባ አለኝ፣ የአፈር ሳይንስ ሰው። ዕድሜውን የጨረሰው መረሬ አፈር ላይ ነው። መረሬ ማለት ያ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር፣ በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ስለሚተኛበት ገበሬው ስንዴውን የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ተሠርቶ ውሃው በቦዩ ከወረደ ግን ቀደም ብሎ መዝራት ይቻላል። ሰውዬው ይኼንን ለዓመታት ሲለካ ኖሯል፤ የምርቱን፣ የእርጥበቱን፣ የናይትሮጅኑን። መረጃው ግን ላፕቶፑ ውስጥ ተኝቷል። ለምን? ሴሚስተሩ ሲጀመር የማስተማር ጭነት፣ ሲጋመስ የፈተና ወረቀት፣ ሲያልቅ የተመራቂዎች ዲፌንስ፣ በመሃል ደግሞ ኮሚቴ። የችግኝ ተከላ ኮሚቴ፣ የጨረታ ኮሚቴ፣ የኮሚቴዎች አስተባባሪ ኮሚቴ። ሳባቲካል የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ማመልከቻው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ለምን እንደምትሄድ፣ ምን ይዘህ እንደምትመጣ፣ እንደምትመለስ።

«ለምን» የሚለውን መጀመሪያ በአንድ አንቀጽ ጽፎት ነበር። ጥሩ አንቀጽ ነበረች። የክፍሉ ኃላፊ አነበበና «ዶክተር፣ ይቺ አነሰች፤ አገራዊ ፋይዳውን አጉላው» አለው። አጎላው። «የሀገራችንን የግብርና ዘርፍ በዘላቂነት ለማዘመን፣ የምግብ ዋስትናን ለማረጋገጥ፣ ለብልጽግና ጉዞው የበኩልን አስተዋጽኦ ለማበርከት» የሚል ሆነ። ስንዴውም መረሬውም ጠፉ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ከአፈር ክፍል አውጥታችሁ ለነርሲንግ፣ ለሂሳብ አያያዝ፣ ለቲያትር ጥበባት ብትሰጡት ያለ ምንም ማስተካከያ ያገለግላል። ኮሚቴው በጣም ወደደው።

ባልደረባዬን የሚቀበለው ፕሮፌሰር ግን አልወደደውም። አውሮፓ ያለ፣ ጨዋ፣ አጭር ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ነው። የላከው መልስ በአማርኛ ሲገባ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ጥያቄህ ግን ምንድን ነው?» የሚል ነበር። እውነቱን ነው። «ለምን» የሚለው ክፍል አራት ነገር ነው መናገር ያለበት፦ ምን እንደማናውቅ፣ በእጄ ምን መረጃ እንዳለ፣ ለምን እዚያ ቤት እንደምሄድ፣ ለምን ቤቴ ቁጭ ብዬ እንደማልሠራው። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ባልደረባዬ ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ጻፈው። «በመደብ ላይ ቀድሞ የተዘራ ስንዴ ዝናብ በበዛበትና ባነሰበት ዓመት ለምን የተለያየ ውጤት እንደሰጠ አይታወቅም። የበርካታ ዓመት የመስክ መረጃ አለኝ። የአፈር ውሃን በሞዴል የሚያሰላው ቡድን ያለው እዚያ ነው፤ እዚህ ሳለሁ ደግሞ በሳምንት ሙሉ የማስተማር ጭነት ስላለብኝ ተከታታይ የትንተና ጊዜ የለኝም።» አለቀ። ፕሮፌሰሩ በማግስቱ «ና» አለው።

የክፍሉ ኃላፊ አሁንም «ብልጽግናው የት ሄደ?» አለ። እንግዲህ ሁለት ቅጂ ተዘጋጀ፣ አንድ ለውጭ፣ አንድ ለውስጥ።

የሚጠበቅ ውጤት ላይ ስንደርስ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ከእሱ በፊት ያመለከቱ ሰዎችን ፋይል አየን። አንዱ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አራት የጆርናል ጽሑፍ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አዲስ የማስተርስ ሥርዓተ ትምህርትና «ዓለም አቀፍ ትስስር» ቃል ገብቷል። ይኼ ሰው እንቅልፍ አለው? አንድ ጽሑፍ ከተላከ በኋላ ገምጋሚዎቹ ብቻ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ከዚያ ሁለተኛው ገምጋሚ «ስታቲስቲክሱን በሌላ ዘዴ ድገመው» ይላል፣ ይደገማል፣ እንደገና ይላካል፣ ዓመቱ ያልቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው «ይታተማል» ብሎ አይጽፍም፤ «ይላካል» ብሎ ይጽፋል። መላክ የራስ ሥራ ነው፤ ማሳተም የሌላ ሰው ፈቃድ ነው። ባልደረባዬ «በአራተኛው ወር የተጣራ መረጃ፣ በስምንተኛው አንደኛው ጽሑፍ ተልኮ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሁለተኛው ተልኮ፣ ስመለስ ለክፍሉ አንድ ሴሚናር» ብሎ አስቀመጠ። ኮሚቴው ላይ አንድ ሰው እጁን አወጣ። «ከዚህ በፊት የሄደው አራት ብሏል። ሁለት ብቻ ለምን?» ያ አራት ያለው ሰውዬ ስንቱን እንዳመጣ የጠየቀ የለም። ፋይሉ ውስጥ የመጨረሻ ሪፖርት የሚባል ነገር አላየንም፤ ሰውየውንም አላየነውም።

በነገራችን ላይ የክፍሉ ጉባኤ የጨነቀው ምርምሩ አይደለም፤ የዓርብ ከሰዓቱ ኮርስ ነው። ማን ይሸፍነዋል? ሙሉ ጭነቱ 12 ክሬዲት አካባቢ ነው፣ ለሦስት ሰው ይከፋፈል ሲባል ሦስቱም መስኮቱን አዩ። የሚያማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች አሉ፣ ተባባሪ አማካሪ ይመደብላቸው ሲባል ደግሞ አንዱ ተነስቶ «ለመሆኑ ዶክተር ዓመቱ ሞልቷል? ለፒኤችዲ የሄደበት እኮ አይቆጠርም» አለ። ቃለ ጉባኤ ተገለበጠ፣ የቅጥር ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወጣ፣ ተቆጠረ። ሞልቷል። ለዚህ ነው ምክሬ፦ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ኮርሱን የሚሸፍነውን ሰው ራሳችሁ ለምናችሁ፣ ክትፎም ጋብዛችሁ፣ ስሙን ማመልከቻው ላይ ጻፉት። ጉባኤው የተፈታ ችግር ሲቀርብለት ሌላ ችግር ለመፈለግ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይወስድበታል።

ከዚያ የደብዳቤው ዙር መጣ። ዩኒቨርሲቲው «የተቀባዩን ኦፊሴላዊ ደብዳቤ ሳናይ አንለቅም» ይላል። ተቀባዩ «ዩኒቨርሲቲህ መልቀቁንና ደመወዝህ መቀጠሉን የሚያሳይ ደብዳቤ ካላየን ኦፊሴላዊ ግብዣ አንጽፍም» ይላል። ሰውዬው በሁለት በር መሃል ቆሞ «እናንተ ቅደሙ» «ኧረ እናንተ ቅደሙ» ሲባባሉ ይሰማል። መፍትሔው «የተቀባዩ ማረጋገጫ ሲቀርብ ተፈጻሚ የሚሆን» የሚል በቅድመ ሁኔታ የተጻፈ ደብዳቤ ማስወጣት ነው፤ ግን እንደዚያ የሚል ቅጽ ስለሌለ ጸሐፊዋን ማሳመን ያስፈልጋል። ጸሐፊዋ እሺ አለች። ደብዳቤው ወጣ፣ ተመዘገበ፣ ማኅተም ተመታ፣ ተላከ። ተቀባዩ ቤት ያለች የአስተዳደር ሠራተኛ በትሕትና መለሰች፦ «ፈቃድዎ ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ጀምሮ እንደነበር አይተናል። ጊዜው አልፏል። የአሁኑን ይላኩልን።» የእኛ 2018 የእነሱ 2025 መሆኑን ማን ይንገራት? ደብዳቤው እንደገና ወጣ፣ አሁን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር።

የመመለስ ግዴታው ግን የራሱ ዓለም ነው። ሕግ ክፍል ሲገባ ውሉ ታትሞ ይጠብቀዋል። ሲመለስ ይህን ያህል ጊዜ ያገለግላል፤ ካልተመለሰ የተከፈለውን ደመወዝና የወጣበትን ወጪ ይመልሳል፤ እሱ ካልመለሰ ዋሱ ይመልሳል። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ደመወዙ በቂ መሆን አለበት፣ መሥሪያ ቤቱ ይህንኑ በደብዳቤ መጻፍ አለበት፣ ለሌላ ሰው ዋስ የሆነ ከሆነ አይቆጠርም። ባልደረባዬ ስልኩን አወጣ። የሚያውቀው ቋሚ ሠራተኛ ሁሉ ለሌላ ሰው ዋስ ነው። በመጨረሻ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄደ። ጋሼ ውሉን በመነጽር ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና «ልጄ፣ እኔ አንተን አምንሃለሁ» አሉ፤ ቀጥለውም ለእህታቸው ደውለው «ዓለሜ፣ ልጆቹ እዚህ ነው የሚቀሩት አይደል?» ብለው አረጋገጡ።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። የቀሩ አሉ፣ ዋሳቸውም በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥበት አይተናል። ግን ሊቀር የቆረጠ ሰው ዋሱንም ቆርጧል፤ የሚመለሰውን የሚመልሰው ሌላ ነገር ነው። ባልደረባዬ ይኼንን ጽፎት ነበር። «ሐምሌ ላይ የሚዘራ የሙከራ ማሳ አለኝ፤ የመረጥኳቸው ገበሬዎች ማሳቸውን ለሦስት ክረምት ፈቅደውልኛል፤ ሁለት ተማሪዎቼ በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ዲፌንስ ያደርጋሉ» ብሎ። ሕግ ክፍል ያለው ልጅ በእስክሪብቶ ሰረዘበት። «ዶክተር፣ ይሄ ስሜት ነው። ዋስ የሚለው ላይ ብቻ ይፈርሙ።»

ፈረመ። ክሊራንስ ዞረ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ። ከዓመታት በፊት የወሰደው የተሰበረ ወንበር ተጠየቀ። የመጨረሻው ፊርማ የዲኑ ነበር። ዲኑ ፋይሉን አገላብጠው አዩ፣ ብልጽግና ያለበትን ቅጂ ደግመው አነበቡ፣ ፈረሙ። ከዚያ ተነስተው በሩን ገፋ አደረጉት።

«መልካም ጉዞ ዶክተር። እ... የዚያን ፕሮፌሰር ኢሜይል በቴሌግራም ላክልኝማ። እኔም እኮ ዓመቴ ሞልቷል።»