«ጉም ብቻ ጨምርበት» ላሉኝ ጋሼ

ትናንት ማታ 5 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደንበኛዬ ናቸው። «ልጄ፣ አሁንም አላለቀም? ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ ብለኸኝ አልነበር?»

ብያለሁ። እሱ የኔ ጥፋት ነው። ግን ያልኩት ጉሙ ከመምጣቱ በፊት ነው። በስልክ ማስረዳት ሲያቅተኝ ተነስቼ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ባሕር ዳር ሆናችሁ በኮምፒውተር አኒሜሽን ሥራ እንጀራ የምትበሉ ሁሉ የምታውቁት ብሶት ስለሆነ፣ ስማቸውን ሰርዤ እዚህም ለጠፍኩት።

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብስ ደህና ነው? በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የተስማማነው ለሎጅዎ የ40 ሴኮንድ አኒሜሽን ልሠራልዎ ነው። ሎጁ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ስለሆነ በካሜራ የሚነሳ ነገር የለም። በረንዳውም፣ ደንገሉም፣ ታንኳውም፣ ሐይቁም ኮምፒውተር ውስጥ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሴኮንድ 25 ፎቶ ነው። 40 ሴኮንድ 1,000 ፎቶ ማለት ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ማሽኑ ለብቻው ያሰላዋል። ሬንደር የምለው ይሄንን ነው።

መጀመሪያ ያሳየሁዎት የቀትር ትዕይንት ነበር። ፀሐይ ከላይ፣ ሰማዩ የጠራ። አንዱ ፎቶ 3 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። 1,000ው 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ይሆናል። የጠየቅኩዎት ዋጋ በዚህ ስሌት ነበር።

ከዚያ እርስዎ አንድ ቀን በማለዳ ሐይቁ ዳር ወጡና ጉሙን አዩት። ደወሉልኝ። «ጣና ያለ ጉም ምኑ ጣና ነው? ጉም ብቻ ጨምርበት። ፀሐይዋም ከጉሙ ውስጥ ትውጣ።» እውነትዎን ነው፣ ያምራል። እኔም ጓጉቼ «ችግር የለም» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ጋሼ፣ የጉሙ ነገር እንዲህ ነው። ካሜራ ሲያነሳ ብርሃኑን የምታሰላው ፀሐይ ራሷ ናት፣ ያውም በነፃ። እዚህ ግን ማሽኔ ነው የሚያሰላው። ፎቶው ውስጥ 2 ሚሊዮን የሚያህሉ ነጥቦች አሉ። ከእያንዳንዷ ነጥብ ፕሮግራሙ ጨረር እየላከ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይፈልጋል። ጨረሩ ግድግዳ ሲመታ ይነጥራል። ውሃ ሲመታ ከፊሉ ይንጸባረቃል፣ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ጉም ውስጥ ሲገባ ግን መሃል መንገድ ላይ፣ የትም ቦታ፣ በዘፈቀደ ይታጠፋል። እንደገና ይታጠፋል። እንደገና። ብዙው ፀሐይዋን ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ከአንዷ ነጥብ ብዙ ጨረር ይልክና አማካዩን ይወስዳል። ጨረሩ ካነሰ ምስሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። ኖይዝ እንለዋለን። ባለፈው ሳምንት በስልክዎ የላኩልዎትን አይተው «ምነው ሞጨሞጨ?» ያሉኝ እሱን ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የቆሮሶ ዓሣ ዋጋ ለማወቅ ገበያ ገብተው 10 ሰው ቢጠይቁ አማካዩ ትንሽ ይስታል። ስህተቱ በግማሽ እንዲቀንስ 20 ሰው መጠየቅ አይበቃም፤ 40 ያስፈልጋል። የሬንደርም ሕግ ይኸው ነው። ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን 4 እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። በቀትሩ ትዕይንት ከአንዷ ነጥብ 256 ጨረር ይበቃኝ ነበር። ጉሙ ሲገባ 512 አደረግኩት፣ አሁንም አሸዋ። 1,024 ላይ ነው የጠራልኝ። ጉሙ ራሱ ስሌቱን ስለሚያጓትተው አንዱ ፎቶ አሁን 14 ደቂቃ ይፈጃል። 1,000ው 14,000 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ ቢሠራ ዘጠኝ ቀን ተኩል አልፎ ነው የሚያልቀው። ሳይጠፋ! ባሕር ዳር!

ልጅዎ «አሸዋውን የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ» ብሎ እንደነገረዎት ሰማሁ። አለ፣ ልክ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ቆሞ ለሚታይ ፎቶ ጌታ ነው። ችግሩ እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻው ሲያጸዳ ከሥር ያለውን በግምት ይሞላል፤ ግምቱ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። ሲንቀሳቀስ ጉሙ እንደ ፈላ ሽሮ ይንተከተካል። የደንገሉ ጫፍም ይሟሟል። ካላመኑኝ የላክሁልዎትን የ5 ሴኮንድ ሙከራ ሳያቆሙ ይዩትና ታንኳው ሥር ያለውን ጥላ ብቻ ይመልከቱ። ቪዲዮውን ካቆሙት ምንም አይታይዎትም።

መብራቱንም ላንሳው። ድሮ ሥራውን በቀጥታ ወደ አንድ ቪዲዮ ፋይል ነበር የማወጣው። 870ኛው ፎቶ ላይ መብራት ሄደና ፋይሉ ጭራሽ አልከፈት አለ። 870ውም ገደል ገባ። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አልደብቅዎትም። አሁን እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ነው የማስቀምጠው፤ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የተጀመረው አንዱ ብቻ ነው። ግን መብራቱ የጠፋበት ሰዓት እንደጠፋ ነው። በዚያ ላይ የሚያዝያ ሙቀት አለ። ስሌቱን የሚሠራው የማሽኑ ግራፊክስ ካርድ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀን ቀን ቬንትሌተሩን እኔ ትቼ ለማሽኑ አዙሬለታለሁ። እናቴ «ለዕቃ ነፋስ!» እያለች ትገረማለች።

ስለዚህ ጉሙ በ40ውም ሴኮንድ ውስጥ ይኑር ካሉኝ 60,000 ብር ይጨምሩልኝ። 25,000ው ሁለተኛ ማሽን ለ10 ቀን የምከራይበት ነው። 15,000ው ለጄኔሬተር ነዳጅ። የቀረው የኔ ድካም ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም፣ ትንሽ ነው።

እኔ ግን የምመክርዎት ሌላ ነው። ጉሙ የሚያምረው ታንኳው እየሰነጠቀው ሲያልፍ ነው። እሱ 12 ሴኮንድ ነው፣ 300 ፎቶ። ለእሱ እውነተኛውን ጉም ልጠቀም፤ 70 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ይነሳ፤ በረንዳውና ክፍሎቹ ጥርት ብለው ይታዩ። የቀሩት 700 ፎቶዎች በ3 ደቂቃ ሂሳብ 35 ሰዓት ነው። በድምሩ 105 ሰዓት። በሁለት ማሽን ሲካፈል፣ መብራቱ ካላስቸገረ፣ ከሁለት ቀን ትንሽ ያልፋል። ጭማሪውም ወደ 28,000 ይወርዳል።

በትልቁ ስክሪን እንዲታይ «ፎር ኬ ይሁን» ያሉትን ግን ይተዉልኝ። የነጥቦቹ ቁጥር 4 እጥፍ ነው፤ ሰዓቱም ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። 40ውንም ሴኮንድ በጉም፣ በፎር ኬ ካሉኝ 39 ቀን ነው። ሎጁ ራሱ ይቀድመኛል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የታንኳ ቀዛፊውን ጋቢ ቀለም ለመቀየር ከፈለጉ ሬንደሩ ካለቀ በኋላም እችላለሁ፤ ለእሱ ለብቻው ምልክት አድርጌ አወጣዋለሁ። ፀሐይዋ ከተነካች ግን ጥላው፣ ውሃው፣ ጉሙ ሁሉም ይቀየራል። ከፎቶ ቁጥር 1 መጀመር ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ትሁን ወይስ ከዛፎቹ ጀርባ፣ ነገ ከምሳ በፊት ይንገሩኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። የምከራየው ማሽን ባለቤትም ከዚያ በላይ አልጠብቅህም ብሎኛል።

ልጅዎ