ማስተካከያ፦ ስለ መኪና ኢንሹራንስ የካሳ ጥያቄ

«ካሳው ላይ ትንሽ ብትጨምር፣ ቢደርሱበት እንኳ የጨመርካትን ብቻ ነው የሚቀንሱት።»

ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ይህ ስህተት ነው። በመኪና ፖሊሲዎች ጠቅላላ ሁኔታዎች ውስጥ በተለምዶ የሚገኘው አንቀጽ፣ የካሳ ጥያቄው በማናቸውም ረገድ ማጭበርበር ካለበት በውሉ የሚገኘው ጥቅም ሁሉ ይቀራል ይላል። የእናንተን ፖሊሲ አውጥታችሁ አንብቡት።

እንበል ፒያሳ ላይ ተጋጭታችሁ የፊት ፓራውልትና መብራት ተሰበረ፤ ጥገናው 40,000 ብር ነው። ከወራት በፊት የተላጠውን የኋላ በር ጨምራችሁ 60,000 ጠየቃችሁ። ገማቹ በሩን ጠጋ ብሎ ሲያይ ጭረቱ ውስጥ ዝገት አለ። ዝገቱ ጭረቱ የቆየ መሆኑን ይጠቁማል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱም የሚናገረው ስለ ፊት ለፊት ግጭት ብቻ ነው። ያኔ 20,000ው ብቻ ሳይሆን እውነተኛው 40,000 ብርም ሊቀር፣ ውሉም ሊቋረጥ ይችላል። የከፈላችሁት አረቦን አያድናችሁም።

ጋራዡ በፕሮፎርማው ላይ ዋጋ ቢያስወድድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እናንተ እውነቱን እስከተናገራችሁ ድረስ ማጭበርበር አይባልም፣ በድርድር ይስተካከላል። ምክሬን ሰምታችሁ የጨመራችሁ ካላችሁ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ አስተካክሉ።