የምጣዱ ሽቦ ይቆረጥ ወይስ መስመሩ ይወፍር?

ከድጃ፣ ደሴ (ጥያቄ)፦ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። መብራት የምስበው ከእህቴ ቆጣሪ ነው፤ ዳገቱን ወርዶ እኔ ጋ እስኪደርስ 175 ሜትር ያህል ይሆናል። ሽቦው የመዳብ ነው፣ ባለ 1.5። ምጣዴ ላይ 3500 ዋት የሚል ተጽፏል፣ ግን አይሰማም። እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሎ ይጣበቃል። አንድ ሰው «የምጣዱን ሽቦ አሳጥሪው፣ ይፋጃል» ብሎኛል። ልቁረጠው?

ይማም፣ የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ፦ እትዬ ከድጃ፣ ያ ሰው ዝም ብሎ አልተናገረም። ነገሩን በቁጥር እንየው።

ሽቦው ደርሶ መልስ 350 ሜትር ነው። ባለ 1.5 መዳብ በዚህ ርዝመት 4 ኦም ገደማ ይይዛል። ምጣዱ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚሰጥ ከሆነ የራሱ ሬዚስታንስ 13.8 ኦም ነው። ሁለቱ ተደምረው 17.8። ስለዚህ የሚፈሰው 12.3 አምፔር ብቻ ነው፣ ምጣዱም የሚያገኘው 2100 ዋት። የቀረው 1400 ዋት መንገድ ላይ ቀለጠ ማለት ነው።

ተማሪዎቼን የማስተምረው ደንብ ደግሞ ይኸውላችሁ። ምንጩና መንገዱ ካልተቀየሩ፣ ከፍተኛውን ኃይል የሚያገኘው ሬዚስታንሱ ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ ሎድ፣ ማለትም መብራት የሚስብ ዕቃ፣ ነው።

`P = V² × R / (R + r)²`

የመንገዱ `r` 4 ከሆነ የምጣዱ `R`ም 4 ሲሆን ምጣዱ 3025 ዋት ያገኛል። ከዚያ በላይም ሆነ ከዚያ በታች ቢያደርጉት ይቀንሳል። የምጣዱ ሽቦ 4 ኦም እስኪቀረው ይቆረጥ ባይ ነኝ።

ዘሀራ፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦ መምህር፣ ሒሳብዎ ልክ ነው። ምክርዎ ግን ቤት ያቃጥላል።

መጀመሪያ ያቺን 1400 ዋት ላስተካክላት። ሁሉም መንገድ ላይ አልቀለጠም። መስመሩ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው 610 ዋት ገደማ ነው። የቀረው ከቆጣሪው ጭራሽ አልወጣም፣ ምክንያቱም የሚፈሰው አምፔር ራሱ ቀንሷል። እትዬ ከድጃ ለሱ ብር አልከፈሉም።

አሁን የምጣዱ ሽቦ 4 ኦም ተደርጎ ተቆረጠ እንበል። 4 እና 4፣ 8 ኦም። 220 ለ8 ሲካፈል 27.5 አምፔር። ምጣዱ ላይ የሚደርሰው 110 ቮልት ነው። ምጣዱ 3025 ዋት አገኘ፣ እሰየው። ግን መስመሩም 3025 ዋት በላ! እኩል ለእኩል ሲሆን ሁሌም እንዲህ ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ቆጣሪው የሚቆጥረው 6050 ነው። እትዬ ከድጃ አንድ እንጀራ በጋገሩ ቁጥር ለዳገቱ ሌላ አንድ ይጋግሩለታል ማለት ነው።

ባለ 1.5 ሽቦ ደግሞ በቤት አሠራር 15 አምፔር አካባቢ ነው የሚሰጡት። 27.5 ሲጫንበት ልባሱ ይለሰልሳል። ደህና ብሬከር ካለ ይወርዳል። ከሌለ ወላሂ አያድርገው።

ምጣዱስ? ከ13.8 ወደ 4 ለማውረድ ከሽቦው ከሲሶ በታች ነው የሚተርፈው። ፋብሪካው በሙሉ ርዝመቱ 3500 ዋት ያሰበበት ሽቦ፣ በዚያች ቁራጭ ላይ 3025 ሊሸከም ነው። እያንዳንዱ ሴንቲሜትር የሚሸከመው ሙቀት ወደ 3 እጥፍ ያድጋል። ቶሎ ይበጠሳል። እስኪበጠስም መሐሉ ይፋጃል፣ ዳሩ ሊጥ ይሆናል።

ይማም፦ 4 ኦም ስል ጫፉን ማሳየቴ ነበር። እሺ፣ ረጋ ብለን እንቁረጥ። የደንቡ ጥሩ ነገር አናቱ ሹል አይደለም፣ ለጥ ያለ ነው። ሎዱ የመንገዱ እጥፍ፣ 8 ኦም ቢሆን ከከፍተኛው የሚያጣው 11 በመቶ ብቻ ነው። ብክነቱ ግን ከግማሽ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

እኔ እንዲያውም 10 ኦም እላለሁ። አምፔሩ 15.7፣ ምጣዱ 2470 ዋት ያገኛል። ምጣዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የታሰበለት አምፔርም ያው 15.9 ነው፤ ስለዚህ ሽቦው አይጎዳም። ወጪው አንድ ፒንሳ ብቻ ነው። በዚህስ ምን ትያለሽ እህቴ?

ዘሀራ፦ በምጣዱ ሽቦ ላይ ልክ ነዎት፣ 10 ኦምን ይችለዋል። ግን ትርፉን ይዩት። ምጣዱ 2106 ያገኝ የነበረው 2470 አገኘ፣ 364 ዋት ጨመረ። መስመሩ ላይ ደግሞ 610 ይጠፋ የነበረው 988 ሆነ። ብክነቱ የጨመረው ከትርፉ ይበልጣል። ለ1 ተጨማሪ ዋት 2 ይከፍላሉ።

የኔና የመምህር ልዩነት ሒሳቡ ላይ አይደለም፣ ጥያቄው ላይ ነው። ደንቡ የሚመልሰው «መንገዱን መንካት ካልቻልኩ ምን ዓይነት ሎድ ልምረጥ?» ለሚል ነው። እዚህ ግን መንገዱ የራሳቸው ሽቦ ነው፣ ሊቀየር ይችላል። መንገዱን መምረጥ የሚችል ሰው ደግሞ ከሎዱ ጋር እኩል አያደርገውም፣ ወደ ዜሮ ነው የሚያወርደው።

የመስመሩ ሽቦ ባለ 6 ይሁን። ውፍረቱ 4 እጥፍ ነውና 4 ኦም የነበረው 1 ኦም ይሆናል። ምጣዱ አይነካም። 14.8 አምፔር ይፈሳል፣ ምጣዱ 205 ቮልትና 3040 ዋት ገደማ ያገኛል። መምህር ቆርጠው ከሚያገኙት ከፍተኛ ኃይል ጋር እኩል ነው፣ እንዲያውም በ15 ዋት ይበልጣል። መስመሩ ላይ የሚጠፋው 220 ዋት ብቻ። ቆጣሪው 6050 ሳይሆን 3260 ይላል።

ሰይድ፣ ደሴ ፒያሳ፦ ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። ቴፕና ስፒከር ነው የምሸጠው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ 8 ኦም ይላል፣ ስፒከሩም 8 ኦም ነው። እኩል ናቸው። እንግዲያው የሰርጉ ዘፈን ግማሹ ውስጡ እየተቃጠለ ነው? ወይስ ሽቦ ቆርጬ ልሽጥ?

ዘሀራ፦ አብሽር ሰይድ፣ ምንም አትቁረጥ። ጀርባው ላይ ያለው 8 የአምፕሊፋየሩ የራሱ አይደለም። «ከ8 በታች አታስሩብኝ» ማለቱ ነው። የአሁኖቹ አምፕሊፋየሮች የውስጥ ሬዚስታንስ ከ1 ኦም በእጅጉ ያንሳል። አንተ እኩል አደርጋለሁ ብለህ ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ስፒከር ብታስር ትራንዚስተሩ ነው የሚነደው።

ይማም፦ ዲሹን ግን አትርሱ! ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ፣ ገመዱና ሪሲቨሩ ሁሉም 75 ኦም የሆኑት በኔ ደንብ ነው። እዚያ የሚመጣው ሲግናል ኢምንት ነው፣ በነጻ ነው የሚወርደው። ግማሹ ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ከሚመጣው ላይ የምትችለውን ያህል መንጠቅ ነው።

ዘሀራ፦ እዚያስ እጄን ሰጥቻለሁ። በዚያ ላይ ገመዱ ካልተመጣጠነ ሲግናሉ ተመልሶ ይጋጫል። ግን ለዲሹ ቆጣሪ የለውም፣ ለምጣዱ አለው።

ይማም፦ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ከኔ በላይ ያንቺን ወገን ቢደግፍም። ደንቡን ያወጣው ያኮቢ የሚባል ሰው ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1838 በባትሪና በሞተር ጀልባ ኔቫ ወንዝ ላይ የነዳ። ከሱ በኋላ ብዙዎች ደንቡን አጣመው አነበቡት፣ ከግማሽ በላይ ትርፍ አይገኝም አሉ። ኤዲሰን ወደ 1880 ገደማ ዲናሞ ሲሠራ የውስጡን ሬዚስታንስ ከሎዱ በጣም አሳነሰውና ያን ወሬ ዘጋው።

እሺ፣ አምኛለሁ እንበል። 350 ሜትር ባለ 6 መዳብ ግን እንጀራ ሻጭ በምን አቅሟ ትገዛለች? ሐሳብሽ ለፋብሪካ ነው የሚሆነው።

ዘሀራ፦ መዳብ ካልተቻለ ባለ 16 አሉሚኒየም ይሳብ። በዚህ ርዝመት 0.6 ኦም ነው፣ ከመዳቡም ያንሳል፣ ዋጋውም ይቀላል። ጣጣው መቀጠያው ላይ ነው። አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር እንዲያው አጣምሞ ማሰር አይሆንም፣ ለሱ የተሠራ ማያያዣ አለው።

ይማም፦ ያም ቢሆን ብር ነው። በአንድ ወር ሽያጭ የሚመለስ አይመስለኝም። እኔ አሁንም እስከዚያው 10 ኦም እላለሁ።

ዘሀራ፦ ነገ መስመሩ ሲወፍር ያ 10 ኦም ምጣድ 20 አምፔር ይስባል። ያኔ ሌላ ሽቦ ግዙ ሊሉ ነው? ከሁሉ በፊት ግን ሁላችንም በግምት ነው ያወራን። እትዬ ከድጃ፣ ቴስተር ያለው ሰው ይፈልጉና ሶኬቱ ላይ ሁለት ጊዜ ይለካልዎት፤ ምጣዱ ጠፍቶና ምጣዱ በርቶ። 220 የነበረው ወደ 171 ከወረደ ሒሳባችን ልክ ነው።

ከድጃ፦ የጎረቤት ልጅ ለካልኝ። ሲጠፋ 220፣ ሲበራ 150። ልጁ ሁለቴ ነው የለካው።

ዘሀራ፦ ከ171 በጣም ወረደ። በ150 ቮልት ምጣዱ የሚስበው 10.8 አምፔር ነው። የጠፋው 70 ቮልት ለ10.8 ሲካፈል 6.5 ኦም ይመጣል። ሽቦው 4 ነው፣ 2.5ቱ ከየት መጣ? መሐል ላይ ተቀጥሏል?

ከድጃ፦ አዎ፣ ባሕር ዛፉ ጋ። ድሮ ተበጥሶ አጣምረው በፕላስተር ጠቀለሉት። አሁን ልጁን ልኬው ነበር፣ ፕላስተሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል ይላል።

ዘሀራ፦ እትዬ፣ አሁኑኑ ብሬከሩን ያውርዱ! 290 ዋት ገደማ እዚያች ቋጠሮ ላይ እየነደደ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ፕላስተር ውስጥ ማለት ነው። መጀመሪያ እሱ ተቆርጦ በደንብ ይያያዝ፣ የቀረውን በኋላ እንጨቃጨቅበታለን።

ይማም፦ ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት። ምጣዱ ወደ 4 ኦም ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ 21 አምፔር ይፈስ ነበር። ያቺ ቋጠሮ ብቻዋን ከ1000 ዋት በላይ ትይዝ ነበር። እኔ `r`ን ከሽቦው ርዝመት ብቻ ነው ያሰላሁት፣ ቋጠሮው ትዝ አላለኝም። መዳቡ ይወደዳል ያልኩት ግን አሁንም እንዳለ ነው።

ከድጃ፦ ብሬከሩን አውርጄዋለሁ። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ዛሬ በእንጨት እጋግረዋለሁ። ለሽቦ ሻጩ ምን ልበለው፣ ባለ 6 ነው ባለ 16 ያላችሁኝ?