የምድጃው ዋጋ በአንድ ዓመት አያልቅም

«ልጄ፣ ምድጃውን አንድ ሚሊዮን ብር ከፍዬ ገዝቼዋለሁ። ገንዘቡ ከእጄ ወጥቷል። አንተ መዝገቡ ላይ ወጪ ያልከው ግን መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ?»

ጠያቂዋ የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሂሳባቸውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። የቀረው እዚያው ጥግ ላይ ቆሞ ዳቦ እየጋገረ ነው። የተገዛ ዱቄት በሳምንቱ ያልቃል፤ ስለዚህ ወጪውም የዚያው ሳምንት ነው። ምድጃው ግን የዛሬ አምስት ዓመትም ይጋግራል። ያኔ የሚሸጠው ዳቦ ከምድጃው ዋጋ ድርሻውን ካልተሸከመ፣ የዘንድሮው ዳቦ ብቻውን ሊሸከምለት ነው። ዋጋውን ዕቃው ለሚያገለግልባቸው ዓመታት እንዲህ ማከፋፈል የእርጅና ቅናሽ ይባላል፤ መቶ ሃምሳ ሺሁ የዘንድሮው ድርሻ ነው።

ዳቦ ቤቱ ሌላውን ወጪ ሁሉ ከፍሎ በዓመት 600,000 ብር ይተርፈዋል እንበል። ሚሊዮኑን በሙሉ ዘንድሮ ላይ ከጫንነው መዝገቡ የ400,000 ብር ኪሳራ ያሳያል፤ ከከርሞ ጀምሮ ደግሞ ድንገት የ600,000 ብር ትርፍ። ሥራው ግን ያው ነው፤ ዱቄቱም፣ ደንበኛውም አልተለወጠም። ከመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ይልቅ የሚያስፈራኝ የሁለተኛው ዓመት ትርፍ ነው። እትዬ ምድጃው በነጻ የሚጋግር መስሏቸው የዳቦውን ዋጋ ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህ 150,000 ብሩን ለ300 የሥራ ቀናት አካፍዬ አሳየኋቸው፦ በቀን 500 ብር ይሆናል፤ በቀን 2,000 ዳቦ ስለሚጋገር በአንድ ዳቦ 25 ሳንቲም። «አሁን ገባኝ» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሃያ አምስት ሳንቲሙ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ ጠየቁ። በየትም አይቀመጥም። የእርጅና ቅናሽ የወጪ ድልድል እንጂ ቁጠባ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ምድጃ ገንዘብ ማስቀመጥ ሌላ ሥራ ነው።

150,000 የመጣው ከቀጥተኛው ዘዴ ነው፦ በየዓመቱ ከተገዛበት ዋጋ 15 በመቶ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 እንዲህ ላለው ዕቃ ያስቀመጠው ምጣኔ ይህ ሲሆን፣ እየቀነሰ ለሚሄደው ዘዴ ደግሞ 20 በመቶ ይፈቅዳል። ልዩነቱ መቶኛው የሚባዛበት ቁጥር ላይ ነው። ቀጥተኛው ሁልጊዜ የሚባዛው በመጀመሪያው ዋጋ ስለሆነ ቅናሹ በየዓመቱ እኩል ነው። ሁለተኛው የሚባዛው መዝገቡ ላይ በቀረው ዋጋ ነው፦ መጀመሪያ 200,000፣ ቀጥሎ ከቀረው 800,000 ላይ 160,000፣ ከዚያም ከ640,000 ላይ 128,000።

እዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር እለያለሁ። «እየቀነሰ የሚሄደው ይፈጥናል፤ ግብር ያቀልላል» ብለው ያለ ጥያቄ ይመርጡታል። በዚህ ምድጃ ላይ የሚፈጥነው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓመት ቅናሹ ከ150,000 በታች ይወርዳል። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ሁለቱን ደምሩ፤ በቀጥተኛው 600,000 ተቀንሷል፣ በሌላኛው 590,400። ከዚያ በኋላ ቀጥተኛው እየራቀ ሄዶ በስድስት ዓመት ከስምንት ወር ሥራውን ይጨርሳል። ሌላኛው በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ገና 209,715 ብር ይዞ ይጠብቃል፤ ከቀሪው ላይ ሃያ በመቶ ብቻ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጅራቱ ረጅም ነው።

ዘዴው የሚያምረው ሌላ ቦታ ነው። ዳቦ የምታደርሰው መኪና አዲስ ሳለች ጋራዥ አታውቅም፤ ስታረጅ ግን ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ሞተሩ በየተራ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ቅናሹ እያነሰ ጥገናው እየጨመረ ሲሄድ፣ የሁለቱ ድምር ከዓመት ዓመት ተቀራራቢ ይሆናል። ምድጃው እንዲህ አይደለም። በር ላስቲኩና ማሞቂያው በየጊዜው ይለወጣሉ፤ የሚጋግረው የዳቦ ብዛት ግን በአምስተኛው ዓመትም ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም። በእኩል የሚያገለግል ዕቃ በእኩል ቢቀነስ ይሻላል ባይ ነኝ።

እትዬ ግን በዚህ ሁሉ አልረኩም፤ «ሲያረጅ ብሸጠውስ?» አሉኝ። በስምንተኛው ዓመት መጨረሻ ቁራሌው መጥቶ 60,000 ብር ቢሰጥ፣ በቀጥተኛው ዘዴ መዝገቡ ላይ የቀረ ዋጋ ስለሌለ 60,000ው በሙሉ ትርፍ ነው። እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ ግን መዝገቡ ላይ 167,772 ብር ስለሚቀር፣ ምድጃው ከበሩ በወጣበት ቀን 107,772 ብር ኪሳራ ይጻፋል። ያ ኪሳራ በየዓመቱ የተጋገሩት ዳቦዎች ሳይከፍሉት ያለፉት ድርሻ ነው።