«እኔ እንኳ ሥዕል አልችልም»

ሰሞኑን የሚያናድደኝ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። የተማሪ ፊልም እየሠራን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ስልኩን ይነጠቃል፣ ሌባውን ያባርረዋል። ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም እያንዳንዱን ሾት ከቀረጻው በፊት በሣጥን በሣጥን የሚያሳየውን ሥዕል፣ ማን ይሥራ ሲባል ሁሉም በየተራ «እኔ እንኳ ሥዕል አልችልም» አለ። ልብ በሉ፣ ትወና አልችልም ያለ የለም። ዳይሬክት ማድረግ አልችልም ያለም የለም። ትሕትና ትዝ የሚለን እርሳስ ሲመጣ ብቻ ነው።

እርግጥ ጥፋቱ የኛ ብቻ አይደለም። እኔ የምወቅሰው የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ነው። አሜባ ሳሉ አለን፣ ሳልኩ። «ቅርፁ ልክ አይደለም» ብሎ ማርክ ቀነሰብኝ። እስቲ ፍረዱኝ! አሜባ ቋሚ ቅርፅ የለውም። መጽሐፉ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቅርፁን ለሚቀያይር ፍጡር የትኛው ቅርፅ ነው ልክ የሚሆነው? ሰውዬውን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ከሰላምታ በፊት የማነሳው አሜባዬን ነው።

ወደ ሌባው ልመለስ። አንዱ ጓደኛችን ሥዕል የሚችል ልጅ አመጣልን። ልጁ እውነትም ጎበዝ ነው። የሌባው ጃኬት ዚፕ ሳይቀር ይታያል። ችግሩ፣ በአንዱ ሣጥን ሌባው ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ በቀጣዩ ደግሞ ባለስልኩ ወደ ግራ። ሁለቱን ሾቶች አከታትላችሁ ስታዩዋቸው ተሳዳጅና አሳዳጅ ሊተቃቀፉ የሚሮጡ ይመስላሉ። ነገሩ ናፍቆት እንጂ ስርቆት አይመስልም። ይህን ስናገር ሠዓሊው «ጥላውን ግን አይተኸዋል?» አለኝ።

ካሜራማናችን ደግሞ «ምን አስጨነቃችሁ፣ እዚያው ሎኬሽን ላይ እናየዋለን» አለ። እዚህ ላይ የምወደው ተረት አለ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለሩጫ ሾት የተተረተ እስኪመስለኝ ድረስ እወደዋለሁ። «እዚያው እናየዋለን» ማለት እኮ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ሁለት ሰው ይጨቃጨቃል። ጥላው ዞሮ ከጠዋቱ ሾት ጋር አይገጥምም። ዘበኛው መጥቶ ደብዳቤ ይጠይቃል። ባትሪው ያልቃል። በመጨረሻ ኤዲት የሚያደርገው ምስኪን ሌሊቱን ሙሉ ይሳደባል። ምስኪኑ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወረቀቱን ነጥቄ ግቢውን ከላይ እንደሚታይ አድርጌ አሰመርኩ። ብሎኮቹ አራት ማዕዘን ናቸው። የሩጫው መንገድ አንድ መስመር ነው፦ ከበሩ ተነስቶ፣ በተሰጣው በርበሬ አጠገብ አልፎ፣ እስከ ደረጃው። ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ሌባና ባለስልክ ሆኑ፣ ሳንቲም ደግሞ ካሜራ። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳንቲሙ ሁሌም ከመስመሩ በአንድ ወገን ይቀመጣል። ያኔ ሁለቱም በስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፣ ተመልካችም ማን ማንን እንደሚያባርር አይጠፋውም። ወገን መቀየር ካስፈለገን መሃል ላይ ሌባው ፊት ለፊት ወደ ካሜራው የሚመጣበት አንድ ሾት እናስገባለን። እሱ ሾት ግራም ቀኝም ስለሌለው ከዚያ በኋላ አቅጣጫ ቢዞር ዓይን አይደነግጥም።

ከዚያ ወደ ሣጥኖቹ። ጭንቅላት ክብ ነው፣ አፍንጫ ይጨመርበታል፤ አፍንጫ ከሌለው ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም። ሌባው በእርሳስ ይጠቁራል። የሯጩ ቀስት ሣጥኑ ውስጥ፣ የካሜራው ቀስት ከሣጥኑ ውጭ። በቃ፣ ሥዕሉ አለቀ!

ሣጥኖቹን በስልክ አንስተን ጋለሪ ላይ አንድ በአንድ ስናሳልፋቸው አዲስ ጉድ ወጣ። እግር፣ ፊት፣ እግር፣ ፊት ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩበት ሾት የለም። ሌባው በሁለት እርምጃ ይቅደም ወይስ አንድ ፌርማታ ርቆ ይሂድ፣ ማን ያውቃል? ሊያዝ መሆኑ ካልታየ ደግሞ ማን ይጨነቃል? ስለዚህ ከፎቅ በረንዳ ላይ የሚነሱ ሁለት ሰፋፊ ሾቶች ጨመርን። በመጀመሪያው በመካከላቸው ግማሽ ግቢ አለ። በሁለተኛው የባለስልኩ እጅ የሌባውን ጃኬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዚፑ አልተሳለም።

ሠዓሊው ትንሽ ያኮረፈ ይመስለኛል። ሌሎቹ ግን ክብ መሳል እንደሚችሉ ስለታወቀባቸው የቀሩትን ሣጥኖች ተከፋፍለዋል። አንዷ የደረጃውን ወስዳለች፣ ካሜራማኑ የበሩን። የበርበሬዋን ባለቤት ሄዶ የሚያስፈቅድ ሰው ሲፈለግ ግን ሁሉም «እኔ እንኳ ሰው ማናገር አልችልም» ብሏል።