ለውድ ባለቤቴ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል

በአሜሪካ የሰላምታ ካርድ ፋርማሲ ውስጥም፣ ከሳል ሽሮፕና ከሻምፑ ብዙም ሳይርቅ ይሸጣል። «ለባለቤቴ» ከሚለው መደርደሪያ ፊት የምትቆም የእኛ አገር ሴት ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ካርዱ ያስፈራታል። ካርዶቹ ሁሉ ዐይን አውጣዎች ናቸው፤ በወርቅማ ፊደል ከዋክብትንና ውቅያኖስን ምስክር እየጠሩ፣ አማቷ ባሉበት ባሏን በስሙ ለመጥራት እንኳ የምትሽኮረመምን ሴት «ያለ አንተ እስትንፋስ የለኝም» ሊያሰኟት ይፈልጋሉ።

ሚዜ የሆንሁለት ወዳጄ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ባለቤቱ ለዚህ ችግር ያገኘችው መፍትሔ ከብዙ የሕግ ባለሙያ የተሻለ ነው። በየዓመቱ ለጋብቻቸው መታሰቢያ የምትመርጠው ካርድ በቀኝ ገጹ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ግጥም የታተመበት፣ ግራ ገጹ ደግሞ ባዶ የሆነ ነው። ግጥሙ የፋብሪካው ስለ ሆነ፣ በዝቷል የሚላት ሰው ቢመጣ የምትከሰሰው በመግዛት እንጂ በመናገር አይሆንም። ከግጥሙ ሥር በእጇ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ትጨምራለች፤ በዚህ ዓመት የጨመረችው «ፎርኤቨር ዮርስ፣ ማይ ላቭ» የሚል ነበር። ግራው ገጽ ግን የአማርኛ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም ፋብሪካ አያግዛትም።

ይህን ሁሉ ላውቅ የቻልሁት የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አይደለም። በእኛ ቤት የጋብቻ ካርድ የግል ጽሑፍ አይደለም፤ ቡፌው ላይ ከልጆቹ የምረቃ ፎቶግራፍ አጠገብ ተከፍቶ ይቆምና ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ጸሐፊዋ ከባሏ በፊት አንባቢዎቿን ማሰብ ይኖርባታል። አማቷ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው መጥተው ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ እርሳቸው የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ነው። የዐሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ደግሞ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ እየጠጣች፣ አማርኛውን ግን ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነበው። በዚህም ምክንያት ለልጅ የማይነገረው በአማርኛ፣ ለአማት የማይነገረው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሁለቱንም ገጽ አሟልቶ ማንበብ የሚችለው ባልየው ብቻ ነው። እኔም እችላለሁ፤ ነገር ግን ሚዜ እንደ ቤት ዕቃ ስለሚቆጠር ማንም አይጠነቀቀኝም።

የዘንድሮው ግራ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.። ለውድ ባለቤቴ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እነሆ በእርሱ ቸርነት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላን። ሌሊት ለሥራ ስትወጣ እንዳልነቃ ብለህ ጫማህን በእጅህ ይዘህ ደረጃውን እንደምትወርድ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ነቅቼ ነው የምቆየው፤ መኪናህ ስትነሣ ሰምቼ ነው የምተኛው። ምሳህ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የልጆችህ እናት።»

በአንድ አልጋ ላይ ያደረን ሰው «እንደምን ሰንብተሃል» ብሎ መጠየቅ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ደብዳቤ መጻፍን ከአባቱ የተማረ ሰው የጤና ጥያቄውን ሳያስቀድም ወደ ጉዳዩ ቢገባ ጠብ የፈለገ ይመስለዋል። የምሳውም ነገር ያለ ምክንያት አልገባም። ስለ ጫማውና ስለ መኪናው የተጻፈው ነገር ለዚህች ሴት ብዙ ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብትጨምር አማቷ ፊት ቀና ብላ መሄድ ያቅታታል። ስለዚህ እንደ ተጋለጠች ሲሰማት ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣው ተሸሸገች።

ተንኰሉም ሠርቶላታል። አማቷ መነጽራቸውን አድርገው፣ ካርዱን ከዐይናቸው አርቀው፣ ሁሉንም ካነበቡ በኋላ «ደግ አድርጋ ጽፋለች፤ ምሳውን አልረሳችም» አሉ። ቀኙን ገጽ ያዩት ለወርቁ ቀለም ብቻ ነው። ልጅቱ በበኩሏ እንግሊዝኛውን ጮክ ብላ አንብባ ፊቷን በትራስ ከሸፈነች በኋላ፣ ግራው ገጽ ምን እንደሚል ስትጠየቅ «ምሳ» የሚለውን ቃል ለይታ አግኝታ ስለ ነበር፣ እናቷ የምግብ ዝርዝር እንደ ጻፈች አስረዳችን። ባልየው ማታ ከሥራ ሲመለስ ቆሞ አነበበው፤ ምንም አልተናገረም። ሳምንት ቡፌው ላይ ካቆመው በኋላ ግን የዜግነት ወረቀቱና የቤቱ የዕዳ ውል ወደሚቀመጡበት ፋይል አስገባው፤ የቀደሙት ዓመታት ካርዶችም የሚገኙት እዚያው ነው።

በዚህ ትዳር ያልተፈታ ክርክር ቢኖር የቀኑ ጉዳይ ብቻ ነው። የተጋቡት በሚሌኒየሙ ዓመት፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝርወተ ዐፅም ስለ ነበር እኛ ሚዜዎች ሙሽራው አጥንቱ የሚበተንበትን ቀን ራሱ መረጠ እያልን ስንሥቅ ውለናል። ያ እሑድ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27፣ 2008 ነበር፤ ለኤምባሲ የተተረጐመው የጋብቻ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ሚስት ጥር 18ን ያዘች፤ ባል ወረቀቱን ያዘ። ችግሩ ሁለቱ ቀኖች በየዓመቱ አለመገናኘታቸው ነው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን አዲሱ ዘመነ ዮሐንስ በአንድ ቀን ዘግይቶ፣ በሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ ፈረንጆቹም የራሳቸውን ተጨማሪ ቀን በፌብሩዋሪ መጨረሻ እስኪያስገቡ ድረስ የእኛ ቀን ከእነርሱ በአንድ ቀን እንደ ዘገየ ይቈያል። 2000 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። በተቀሩት ሦስት ወንጌላውያን ዘመን ግን ጥር 18 የሚውለው ጃንዋሪ 26 ላይ ነው።

ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱን ጊዜ የሚስት ካርድ ባልየው በዓል ነው ብሎ ከሚያምንበት ቀን በአንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳል። እርሱ «አሁንም ተቻኰለች» ይላል፤ እርሷ «አሁንም ረሳው» ትላለች፤ እርሱ በማግስቱ አበባ ይዞ በኩራት ሲገባ «ቢዘገይም ደኅና ነው» ብላ ትቀበለዋለች። ሁለቱም ይቅር ባይ ስለ ሆኑ ደስ ብሏቸው ያድራሉ። ይህን የቀን መቍጠሪያ ምሥጢር አንድ ጊዜ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፤ ወዳጄ ግን ወደ ጓሮ ጠርቶ ዝም እንድል ለመነኝ። ካርዱ በየዓመቱ ጥር 18 የሚደርሰው የማስታወሻ ደወል ነው፤ ያለ እርሱ አበባ መግዛቱ ትዝ አይለውም።

አደጋው ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ሁለቱ ቀኖች ስለሚገጥሙ የማሰናጃ ቀን አይኖርም። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። ካርዷን ማለዳ ባየ ጊዜ ደንግጦ ወጣ፤ ፋርማሲው ገና ስላልተከፈተ ነዳጅ ማደያ ገብቶ፣ በሩ አጠገብ ካገኛቸው ካርዶች አበባ የተሣለበትን አንሥቶ፣ እንግሊዝኛውን ሳያነብ ከውስጥ በአማርኛ «እኔም እንደዚያው» ብሎ ጻፈበት። ካርዱ ለታመመ ሰው የሚላክ፣ ቶሎ እንዲሻለው የሚመኝ ነበር። ባለቤቱ ሁለቱንም ገጽ ረጋ ብላ አነበበችና «አሜን» አለችው።